ልጅ ሲያስቀምጠው የፈሳሽ እጥረትን መለየት፦ ኦ አር ኤስ የሚበቃው መቼ ነው? «ግሉኮስ» የሚያስፈልገውስ?

ተቅማጥ የያዘውን ሕጻን አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ተቅማጡ ራሱ ሳይሆን በተቅማጡ ወጥቶ ያልተተካው ውሃና ጨው ነው። ዘጠኝ ኪሎ የምትመዝን ሕጻን ግማሽ ሊትር ያህል ፈሳሽ ስታጣ ምልክቶቹ በዓይን መታየት ይጀምራሉ። ያጣችው ወደ አንድ ሊትር ሲጠጋ ደግሞ ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አንዳንዴ ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ስለዚህ ለወላጅ ትልቁ ጥያቄ «ተቅማጡን ምን ያቆመዋል?» የሚለው አይደለም። «ልጄ አሁን ምን ያህል ፈሳሽ አጥቷል? እቤት ልስጠው ወይስ ይዤው ልሂድ?» የሚለው ነው።

ይህ ጽሑፍ ይህንን ጥያቄ እንዴት እንደሚመልሱ ያሳይዎታል። ምሳሌዎቹን የወሰድነው ከሞላሌና ከአካባቢዋ ነው። ሞላሌ በሰሜን ሸዋ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ብርዱና ከገጠር ቀበሌ እስከ ጤና ተቋም ያለው የእግር መንገድ ውሳኔውን ስለሚለውጡት፣ እነሱንም እናነሳለን።

አራት ነገሮችን ይመልከቱ

በጤና ጣቢያ ያለች ነርስም ሆነች በቀበሌዎ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ስትመረምር የምታያቸው አራት ነገሮች ናቸው። መሣሪያ አይጠይቁም፤ እርስዎም ሊያዩዋቸው ይችላሉ።

የመጀመሪያው የልጁ ንቃት ነው። ልጁ እንደወትሮው ነቅቶ ይመለከታል? ወይስ ይነጫነጫል፣ አልረጋ ይላል? ወይስ ፈዝዟል፣ ሲጠሩት አይመልስም?

ሁለተኛው ዓይኑ ነው። ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል? እርስዎ ወላጁ ነዎትና የወትሮ መልኩን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ባለሙያዋ «ዓይኑ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ብላ የምትጠይቅዎትም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው አጠጣጡ ነው። ውሃ ወይም ኦ አር ኤስ በማንኪያ ያቅርቡለት። እንደወትሮው ከጠጣ ጥሩ ነው። ማንኪያውን እየተሻማ፣ ሲያነሱበት እያለቀሰ በጉጉት ከጠጣ ሰውነቱ ፈሳሽ እየጠየቀ ነው። መጠጣት ካቃተው ወይም አፉ ውስጥ ያደረጉለት መልሶ ከፈሰሰ ግን ጉዳዩ ከብዷል።

አራተኛው የሆዱ ቆዳ ነው። ልጁን በጀርባው አስተኝተው ከእምብርቱና ከጎኑ መካከል ያለውን ቆዳ በአውራ ጣትዎና በሌባ ጣትዎ ይያዙ። በጥፍር አይቆንጥጡት፤ እጥፋቱም በሰውነቱ ቁመት አቅጣጫ ይሁን። ቆዳውን አንድ ሰኮንድ ያህል ወደ ላይ ስበው ይልቀቁት። ወዲያው ከተመለሰ ደህና ነው። እጥፋቱ ለቅጽበት ከታየ በኋላ ከተመለሰ ዘግይቷል ማለት ነው። «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» ብለው እስኪቆጥሩ ድረስ እጥፋቱ ቆሞ ከቀረ በጣም ዘግይቷል።

ያዩትን እንዴት ይተረጉሙታል?

ከሚከተሉት ቢያንስ ሁለቱን ካዩ ከፍተኛ የፈሳሽ እጥረት ነው፦ ልጁ ፈዝዟል ወይም ራሱን ስቷል፤ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ መጠጣት አይችልም ወይም በጣም በትንሹ ብቻ ይጠጣል፤ ቆዳው በጣም ዘግይቶ ይመለሳል።

ያ ካልሆነ፣ ከሚከተሉት ቢያንስ ሁለቱን ካዩ መጠነኛ የፈሳሽ እጥረት ነው፦ ይነጫነጫል፤ ዓይኑ ገብቷል፤ በጉጉት ይጠጣል፤ ቆዳው ዘግይቶ ይመለሳል።

ከሁለቱም ሁለት ምልክት ካልሞላ እጥረቱ ገና አልታየም። ይህ ማለት ግን ልጁ ምንም አያስፈልገውም ማለት አይደለም። የሚያስፈልገው እጥረቱ እንዳይመጣ እየቀደሙ መስጠት ነው።

የሆድ ቆዳ ምርመራ ሁለት ጊዜ ሊያሳስት ይችላል። በምግብ እጥረት በጣም የከሳ ልጅ ፈሳሽ ባያጣም ቆዳው ቀስ ብሎ ይመለሳል። ወፍራም ወይም ሰውነቱ ያበጠ ልጅ ደግሞ ብዙ ፈሳሽ አጥቶም ቆዳው ቶሎ ሊመለስ ይችላል። አንድ ምልክት ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው።

ደጋ ላይ ሲሆን የሚያሳስቱ ነገሮች

በመንዝ ብርድ ሕጻን በባና ተጠቅልሎ ወይም በአንቀልባ ታዝሎ ስለሚውል ፊቱም ሆዱም በደንብ አይታይም። «ዝም ብሏል፤ ተኝቷል» የተባለ ልጅ ፈዝዞ ሊሆን ይችላል። በመተኛትና በመፍዘዝ መካከል ያለው ልዩነት በቀላሉ ይታወቃል። ልጁን ከልብሱ አውጥተው በስሙ ይጥሩት፤ የእግሩን መዳፍ ኮርኮር ያድርጉት፤ ጡት ያቅርቡለት። የተኛ ልጅ ይነቃል፣ ያይዎታል፣ ይጠባል ወይም ያለቅሳል። የፈዘዘ ልጅ ዓይኑን ቢገልጥም አያይዎትም፤ ወዲያውም መልሶ ይጨፍናል። እንዲህ ካደረገ እስኪነጋ አይጠብቁ።

የእጅና የእግር መቀዝቀዝ ብቻውን በደጋ ብዙ አይናገርም፤ ብርዱም ያቀዘቅዘዋል። ልጁ ከተሸፈነ በኋላም እጁ አልሞቅ ብሎ ከፈዘዘ ግን ደሙ በሚገባ እየተዘዋወረ ላይሆን ይችላል።

ሌላው የሚያዘገየው ነገር የተቅማጡን ምክንያት ለሌላ መስጠት ነው። ሕጻን ጥርስ በሚያወጣበት ዕድሜ ተቅማጥ ሲይዘው «የጥርስ ነው» ተብሎ ይተዋል፤ ወይም ግግ ለማስወጣት፣ እንጥል ለማስቆረጥ ይወሰዳል። ግግ ተብሎ የሚወጣው ገና በድድ ውስጥ ያለ የልጁ ጥርስ ነው። ማስወጣቱ ተቅማጡን አያቆምም፤ ይልቁንም ፈሳሽ ባጣው ልጅ ላይ ደም መፍሰስና ቁስል ይጨምርበታል። አፉን የታመመ ልጅ ደግሞ ጡትም ኦ አር ኤስም አይወስድም።

አንድ ምሳሌ

እናቷ ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የምትኖር የ14 ወር ሕጻን እናስብ። ክብደቷ 9 ኪሎ ነው። ከትናንት ጀምሮ ስምንት ጊዜ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ወጥቷታል፤ ሁለት ጊዜ አስመልሳለች። ደም የለውም። እናቷ ስትመለከታት ልጅቱ ትነጫነጫለች፤ ዓይኗ ገባ ብሏል፤ ውሃ ሲሰጧት ስኒውን ትሻማለች፤ የሆዷ ቆዳ ለቅጽበት ቆይቶ ይመለሳል። አልፈዘዘችም። ይህ መጠነኛ የፈሳሽ እጥረት ነው፤ መድኃኒቱም ኦ አር ኤስ ነው።

መጠኑ በክብደት ይሰላል፦ ለእያንዳንዱ ኪሎ 75 ሚሊ ሊትር፣ በ4 ሰዓት ውስጥ። 9 በ75 ሲባዛ 675 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህም አንድ ግማሽ ሊትር ሃይላንድና ከሌላው አንድ ሦስተኛው ያህል ነው። በአንድ ጊዜ ቢሰጣት ታስመልሰዋለች። በሻይ ማንኪያ በየ1 እስከ 2 ደቂቃው ቢሰጣት ግን በ4 ሰዓት ውስጥ ያልቃል። አድካሚ ሥራ ነው፤ አባት፣ አያት፣ ታላቅ እህት እየተቀያየሩ ሊያግዙ ይገባል።

ይህን የመጀመሪያ 4 ሰዓት በጤና ኬላ ወይም በጤና ጣቢያ ሆኖ ማሳለፍ ይመረጣል። ምክንያቱም ባለሙያዋ በመካከል ታያታለች፤ ካልተሻላትም ቀጣዩ እርምጃ እዚያው ይወሰናል። መንገዱ ረጅም ከሆነ እቤት ተበጥብጦ በመንገድም እየተሰጣት ትሂድ። ከ4 ሰዓት በኋላ አራቱ ነገሮች እንደገና ይታያሉ። ንቁ ከሆነች፣ ጥማቷ ከበረደ፣ ቆዳዋ ቶሎ ከተመለሰና ሽንት ከሸናች እጥረቱ ተተክቷል፤ ወደ ቤት ትመለሳለች። ምልክቶቹ ካልጠፉ ሌላ 4 ሰዓት ይደገማል። ከፈዘዘች ግን ወደ ደም ሥር ፈሳሽ ይኬዳል።

ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ ተቅማጡ እስኪቆም ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ኦ አር ኤስ ይሰጣታል። ዕድሜው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ መጠኑ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ነው። ጡት አይቋረጥም፤ አጥሚትም ሌላ የለመደችው ምግብም አይቀርም። ከዚህ ጋር ዚንክ ይታዘዝላታል። ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕጻን በቀን ግማሽ ፍሬ (10 ሚሊ ግራም)፣ ከ6 ወር ጀምሮ አንድ ፍሬ (20 ሚሊ ግራም) በማንኪያ ውሃ ወይም በእናት ጡት ወተት ተሟሙቶ ይሰጣል። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩ እስከ 10 ቀን ይቀጥላል፤ ቀጣዩን ተቅማጥ የሚከላከለው በሙሉ ሲወሰድ ነው።

ኦ አር ኤስን በትክክል መበጥበጥ

ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እየተባለ የሚጠራው ኦ አር ኤስ ጨው፣ ግሉኮስ፣ ፖታሲየምና ሲትሬት በተለካ መጠን የያዘ ነው። አንጀት በተቅማጥ ተጎድቶም ቢሆን ስኳርና ጨው አብረው ሲመጡለት ይቀበላቸዋል፤ ውሃውም እነሱን ተከትሎ ይገባል። በ1971 እ.ኤ.አ. ከአሁኗ ባንግላዴሽ ሸሽተው ሕንድ የገቡ ስደተኞች በኮሌራ ሲያልቁ፣ የደም ሥር ፈሳሽ ያለቀበት ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ ይህንን ድብልቅ በበርሜል እያዘጋጀ ቤተሰቦች ራሳቸው ለሕሙማኑ እንዲያጠጡ አደረገ፤ የሟቾቹም ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ዛሬ በፓኬት የሚሰጥዎት ከዚያ የመጣ ነው።

ጥቅሙ ግን በመጠኑ ላይ ነው። መጀመሪያ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ቀጥሎ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ የ1 ሊትርም የግማሽ ሊትርም ፓኬት ስላለ ማንበብ ካልቻሉ የሰጠችዎትን ባለሙያ ይጠይቁ። የ1 ሊትር ከሆነ አንድ ሊትር ሃይላንድ ሙሉ ንጹሕ ውሃ ለክተው በንጹሕ ዕቃ ውስጥ ይገልብጡና የፓኬቱን ዱቄት በሙሉ ጨምረው እስኪሟሟ ያማስሉት።

ውሃው ከምንጭ ወይም ከወንዝ ከሆነ ያፍሉት። በሞላሌ ከፍታ ውሃ የሚፈላው ከቆላው ባነሰ ሙቀት ነው። ስለዚህ እየተንተከተከ ቢያንስ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ያድርጉና ያቀዝቅዙት። ዱቄቱን የሚጨምሩት ውሃው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ የተበጠበጠውን መልሰው አያፍሉት። የተረፈው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል፤ በማግስቱ አዲስ ይበጠበጣል።

ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ስህተት «ለልጅ ብዙ ውሃ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሙሉ ፓኬቱን በአንድ ብርጭቆ ውሃ መበጥበጥ ነው። ይህ በጣም ጨዋማ ስለሚሆን ልጁን ለአደጋ ያጋልጠዋል፤ ጥማቱን ያብሳል፣ በደሙ ውስጥ ያለውን ጨው ከፍ አድርጎ እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችላል። ለማረጋገጥ እርስዎ ቅመሱት፤ ከእንባ በላይ ጨው ካለው ይድፉትና እንደገና ለክተው ይበጥብጡ። ውሃ ማብዛትም ጥቅሙን ያሳጣዋል። ስኳር፣ ለስላሳ ወይም ወተት አይጨምሩበት፤ ስኳር ሲበዛ ውሃን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያብሳል።

ልጁ ካስመለሰ 10 ደቂቃ ይጠብቁና በዝግታ ይቀጥሉ፤ በየ2 እና 3 ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ። ያስመለሰ ልጅ የጠጣውን ሁሉ አያወጣውም፤ አብዛኛው ውስጥ ይቀራል። የዓይኑ ቆብ ማበጥ ከጀመረ ግን ኦ አር ኤሱን አቁመው ጡትና ንጹሕ ውሃ ብቻ ይስጡት።

ፓኬት ከሌለዎት እስኪያገኙ ድረስ ጡት፣ ቀጠን ያለ የገብስ አጥሚትና ንጹሕ ውሃ እየሰጡ ወደ ጤና ኬላ ይሂዱ። ከሱቅ ቴትራሳይክሊን ወይም ተቅማጥ የሚያቆም ክኒን ገዝተው አይስጡት፤ የወጣውን ፈሳሽ አይተኩም፣ ሕጻንንም ሊጎዱ ይችላሉ።

በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ መቼ ያስፈልጋል?

ብዙ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ሲመጣ የሚጠይቀው «ግሉኮስ ስቀሉለት» ብሎ ነው። ባለሙያው ኦ አር ኤስ ሲሰጥ ደግሞ እንደተናቀ ይሰማዋል። መጠጣት ለሚችል ልጅ ግን ኦ አር ኤስ ከመርፌው የማያንስ ሥራ ይሠራል፤ የደም ሥር ቁስልም፣ ከሚገባው በላይ ፈሳሽ በፍጥነት የመግባት ስጋትም የለውም።

በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ የሚያስፈልገው በዋናነት ከፍተኛ የፈሳሽ እጥረት ሲኖር ነው፤ ማለትም ልጁ ሲፈዝ፣ መጠጣት ሲያቅተው፣ ቆዳው ተይዞ ሲቀር። እንዲህ ያለው ልጅ በማንኪያ ቢሰጠው ሊያንቀው ይችላል፤ አንጀቱም ለመቀበል ጊዜ የለውም። ኦ አር ኤስ በትክክል እየተሰጠው ያለማቋረጥ የሚያስመልስና እየባሰበት የሚሄድ ልጅም እንዲሁ ነው።

የሚሰጠውም በስም ግሉኮስ ይባል እንጂ ሪንገር ላክቴት የሚባለው ፈሳሽ ነው፤ እሱ ከሌለ ኖርማል ሳላይን። ሁለቱም ጨው አላቸው። ግሉኮስ ብቻ ያለው ፈሳሽ ጨው ስለሌለው በደም ሥር ውስጥ አይቆይም፤ ለዚህ ችግር ብቻውን አይበጅም።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ያቺ 9 ኪሎ ሕጻን ፈዝዛ፣ መጠጣት አቅቷት ብትመጣ ኖሮ የሚያስፈልጋት ለአንድ ኪሎ 100 ሚሊ ሊትር፣ በድምሩ 900 ሚሊ ሊትር ነበር። ዕድሜዋ ከ1 ዓመት በላይ ስለሆነ የመጀመሪያው 270 በ30 ደቂቃ፣ የቀረው 630 በ2 ሰዓት ተኩል ይገባል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕጻን ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የመጀመሪያው ክፍል በ1 ሰዓት፣ ቀሪው በ5 ሰዓት ነው። ነርሷ በየ15 እና 30 ደቂቃው መጥታ የእጁን የደም ሥር ትርታ ስትዳስስ ፍጥነቱን ለመወሰን ነውና አይሰልቹ። ጠብታውን ራስዎ አያፍጥኑ፤ አያዘግዩም። ልጁ መጠጣት እንደቻለ ደግሞ ፈሳሹ እየገባም ኦ አር ኤስ በማንኪያ ይጀመራል።

ደም ሥር ካልተገኘ ወይም ፈሳሹ በቦታው ከሌለ ሕክምናው አያበቃም። በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚደረስበት ሌላ ተቋም ካለ ወዲያው ይላካል። ከሌለ በአፍንጫ በኩል ወደ ጨጓራ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ኦ አር ኤስ ይሰጣል፤ ለዚህች ልጅ በሰዓት 180 ሚሊ ሊትር ለ6 ሰዓት ማለት ነው። ቱቦው ሲገባ ማየት ቢከብድም ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ላይ ያለን ልጅ ሊያተርፍ ይችላል፤ አይከልክሉ። ሪፈር ተጽፎለት መዋጥ የሚችል ልጅም በመንገድ ሁሉ ኦ አር ኤስ ይጠጣል።

አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ። በጣም የከሳ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ያበጡ ልጅ ልቡ ብዙ ፈሳሽ በአንድ ጊዜ አይችልም። ለእሱ በደም ሥር የሚሰጠው ደሙ መዘዋወር ሲያቆም ብቻ ነው፤ የሚጠጣውም ሬሶማል የሚባል የተለየ ድብልቅ ነው። ስለዚህ ለዚህ ልጅ ሐኪሙ «አይሰቀልለትም» ቢል እየጠበቀው ነው።

ሳይዘገዩ ይዘውት የሚሄዱት

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለ ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ፤ መዋጥ የሚችል ከሆነ በመንገድ ኦ አር ኤስ ይስጡት፦

- ፈዝዟል፣ ወይም አንቀጥቅጦታል
- መጠጣት ወይም መጥባት አቅቶታል፣ ወይም የወሰደውን ሁሉ ያስመልሳል
- 6 ሰዓት ያህል ሽንት አልሸናም
- ተቅማጡ ደም አለው
- ዕድሜው ከ2 ወር በታች ነው
- በጣም ከስቷል ወይም እግሮቹ አብጠዋል

ጤና ተቋም ሲደርሱ ሦስት ነገሮችን ይንገሩ፦ ከመቼ ጀምሮ በቀን ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠው፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሸና፣ እና ምን ያህል ኦ አር ኤስ በምን ያህል ውሃ በጥብጠው እንደሰጡት። የተጠቀሙበትን ባዶ ፓኬት ይዘው ቢመጡ ደግሞ ባለሙያው መጠኑን ወዲያው ያውቃል።